«ቴክ ኦፍ» እና «ፑት አፕ ዊዝ»፦ የእንግሊዝኛን ሐረጋዊ ግሶች ከዐውዳቸው መረዳት

 

ዛሬ የምናገረው እንግሊዝኛ ለሚማርም ሆነ በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ራስ ምታት ስለሆኑ ግሶች ነው። መምህራን ፍሬዛል ቨርብ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ሐረጋዊ ግስ ልንላቸው እንችላለን። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ተራ ግስ ይመጣና ከኋላው አንዲት ወይም ሁለት አጫጭር ቃላት ይከተሉታል፤ ከዚያ በኋላ ግሱ የነበረውን ትርጉም ይዞ አይቀጥልም። ቴክ ማለት «ወሰደ»፣ ኦፍ ማለት ደግሞ ከአንድ ነገር መለየት እንደሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። አውሮፕላኑ ቴክ ኦፍ አደረገ ሲባል ግን ማንም ምንም አልወሰደም፤ አውሮፕላኑ ተነሣ ማለት ነው። ፑት «አስቀመጠ»፣ አፕ «ወደ ላይ»፣ ዊዝ «ከእንትን ጋር» ነው። ሦስቱን ብንደምራቸው «ከእንትን ጋር ወደ ላይ አስቀመጠ» የሚል ትርጉም የለሽ ነገር ይወጣልናል። ፑት አፕ ዊዝ ግን «ታገሠ፣ ቻለ» ማለት ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ውስጥ፣ ግስን ከአጭር ቃል ጋር እያጣመሩ ትርጉሙን መለወጥ በእንግሊዝኛ የበዛ መሆኑንና ለውጭ ሰው ትልቁን ችግር የሚፈጥረውም ይኸው መሆኑን ጽፏል። ፍሬዛል ቨርብ የሚለው መጠሪያ የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ስሙን ያቀረበለት ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ የነበረው ሄንሪ ብራድሌይ መሆኑን ስሚዝ ራሱ ገልጿል።

የችግሩ ሁለተኛ ገጽታ ደግሞ አንዱ ጥምረት ብዙ ትርጉም መያዙ ነው። ቴክ ኦፍ መነሣት ነው፤ ማውለቅ ነው፤ መቀነስ ነው፤ ከሥራ ማረፍ ነው፤ ሹልክ ብሎ መሄድ ነው፤ የንግድ ሥራ ድንገት መቅናቱም ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ይሸመድደዋል። ንባብ ውስጥ ሲያገኘው ግን ከስድስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ዝርዝሩ አይነግረውም። የሚነግረው በዙሪያው ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ዐረፍተ ነገሩ ይህን የሚነግረን በምን በምን ምልክት እንደሆነ ነው።

በቅድሚያ ትርጉምን ከዐረፍተ ነገሩ መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሥራ እንዳልሆነ እናስታውስ። ፀሐይ ወጣች፤ ዳገቱን ወጣ፤ መጽሐፉ ወጣ፤ ከሥራ ወጣ፤ ሎተሪ ወጣለት እንላለን። ግሱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን በእያንዳንዱ ቦታ ሌላ ነው። የወጣው ማን ነው፣ ምንን ወጣ፣ ከየት ወጣ የሚለውን ሳናስበው እናገናዝባለን። አጭር ተከታይ ትርጉምን መገልበጡንም እናውቀዋለን። ዳኛው «ፈረደለት» ከተባለ ሰውየው ረቷል፤ «ፈረደበት» ከተባለ ተረቷል። ምስክሩ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ሰውየውን ግን አንዱ ነጻ ሲያወጣው ሌላው ወኅኒ ያወርደዋል። በእኛ ቋንቋ ይህ ምልክት ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ተለይቶ ለብቻው ይቆማል፤ አንዳንዴም ርቆ ይሄዳል።

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። ለዚህ ንግግር ብዬ ያዘጋጀሁት አጭር ጽሑፍ አለ። የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኞቹ የጻፈው ማስታወሻ ነው እንበል። ሐሳቡን በሙሉ በአማርኛ አነብላችኋለሁ፤ ሐረጋዊ ግሶቹን ብቻ በእንግሊዝኛቸው እተዋቸዋለሁ። ትርጉማቸውን ቀድማችሁ ባታውቁም እንኳ እየሰማችሁ ገምቱ።

«ትናንት ሌሊት በጭጋጉ ምክንያት የማታው አውሮፕላን ቴክ ኦፍ ማድረግ አልቻለም። ስለዚህ አየር መንገዱ 30 መንገደኞችን ለአንድ ሌሊት ፑት አፕ እንድናደርግለት ጠየቀን። ምንጣፉ ገና መታጠቡ ስለነበር፣ እንግዶቹ ጫማቸውን በር ላይ ቴክ ኦፍ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ማስታወቂያ መግቢያው ላይ ፑት አፕ አደረግን። ክፍሎቹ ዘግይተው ስለተዘጋጁ ከሒሳባቸው ላይ 10 በመቶ ቴክ ኦፍ አደረግን። የሌሊቱን ጫጫታና የእንግዶቹን ቁጣ ሳታጉረመርሙ ፑት አፕ ዊዝ ላደረጋችሁ ሠራተኞች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ደክሟችኋልና ነገን ቴክ ኦፍ አድርጉ።»

ቴክ ኦፍ አራት ጊዜ፣ ፑት አፕ ሁለት ጊዜ፣ ፑት አፕ ዊዝ አንድ ጊዜ መጥተዋል። አብዛኞቻችሁ ሰባቱንም እንደተረዳችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። የረዳችሁ ምንድን ነው? አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አድራጊው ማን ነው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አድራጊው አውሮፕላን ነው። ተሳቢ የለውም፤ አውሮፕላኑ ቴክ ኦፍ ያደረገው ሌላ ነገር የለም። ባለቤቱ የሚበር ነገር ሆኖ ተሳቢ ሲጠፋ ትርጉሙ መነሣት ነው። በዚያው ቦታ፣ አሁንም ያለ ተሳቢ፣ ሰው ብናስገባ ትርጉሙ ይለወጣል። እንግዳው ሳይሰናበት ቴክ ኦፍ አደረገ ቢባል ሹልክ ብሎ ሄደ ማለት ነው። አንድ አዲስ ዘፈን ወይም አንድ አነስተኛ ንግድ ቴክ ኦፍ አደረገ ከተባለ ደግሞ ድንገት ተወደደ፣ ገበያው ደራለት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ላይ?» የሚለው ነው፤ ከሁሉም ጥያቄዎች የበለጠ የሚሠራልን ይህ ነው። ጫማን ቴክ ኦፍ ማድረግ ማውለቅ ነው፤ ኮፍያም፣ መነጽርም፣ ካፖርትም፣ በሰውነት ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ከሒሳብ ላይ 10 በመቶን ቴክ ኦፍ ማድረግ መቀነስ ነው፤ ተሳቢው ገንዘብ ወይም መጠን ነውና። ነገን ቴክ ኦፍ ማድረግ ግን ተሳቢው ጊዜ ስለሆነ ከሥራ ማረፍ ነው። በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ የሚሠራ ወገናችን አለቃው ይህን ቢለው ነገ እንዳይመጣ ተፈቅዶለታል እንጂ የሚያወልቀው ነገር የለም።

ልብ ካላችሁ በማስታወሻው ውስጥ ያሉት የቴክ ኦፍ ትርጉሞች ሁሉ አንድ ሥር አላቸው። ኦፍ መለየትን ይነግረናል፦ አውሮፕላኑ ከመሬት፣ ጫማው ከእግር፣ ገንዘቡ ከሒሳብ፣ ቀኑ ከሥራ ተለየ። ይህን ሥር የያዘ ሰው አዲስ አጠቃቀም ሲገጥመው «እዚህ ከምን የተለየው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜም መልሱን ያገኛል።

ወደ ፑት አፕ እንለፍ። ማስታወቂያውን ፑት አፕ ማድረግ መለጠፍ ወይም መስቀል ነው። ድንኳን ቢሆን መትከል፣ አጥር ቢሆን ማጠር፣ እጅ ቢሆን ማንሣት፣ ዋጋ ቢሆን በእንግሊዞቹ አነጋገር መጨመር ይሆን ነበር። በእነዚህ ሁሉ ወደ ላይ መውጣት ወይም መቆም በግልጽ ይታያል። መንገደኞችን ፑት አፕ ማድረግ ግን ማሳደር፣ መኝታ መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ «ወደ ላይ» የሚለው ብዙም አይረዳንም። የረዳን ተሳቢው ሰው መሆኑና «ለአንድ ሌሊት» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ ባይኖር ተሳቢው ሰው መሆኑ ብቻውን አይበቃም ነበር። አንድ ፓርቲ ለምርጫው እጩ ፑት አፕ አደረገ ቢባል ተሳቢው አሁንም ሰው ነው፤ ትርጉሙ ግን ማቅረብ፣ ለውድድር ማቆም ነው። ስለዚህ ተሳቢው ካልለየልን ጊዜውንና ቦታውን የሚናገሩትን ቃላት እንመርምር፤ «ሌሊት»፣ «ሆቴል»፣ «ምርጫ»፣ «ገበያ» የሚሉት ውሳኔውን ይሰጡናል።

ሦስተኛው ጥያቄ «የሚከተለው ቃል ስንት ነው፤ የትስ ነው የቆመው?» የሚል ነው። ፑት አፕ ላይ ዊዝ ሲጨመር ማሳደርም መለጠፍም ይጠፉና መታገሥ ብቻ ይቀራል። ፑት አፕ ዊዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጓደኛ ነው የሚፈልገው፦ ደስ የማይል ነገር። ጫጫታ፣ ሕመም፣ ብርድ፣ መዘግየት፣ የሰው ክፉ ጠባይ ይከተለዋል። በመልካም ምግብ ወይም በጥሩ ደመወዝ ላይ አይነገርም። የሚከተለው ስም ፈጽሞ የማታውቁት ቃል ቢሆን እንኳ ከፊቱ ፑት አፕ ዊዝ ካለ የሚያስቸግር ነገር መሆኑን መጠርጠር ትችላላችሁ። ዐውዱ ግሱን እንደሚያብራራ ሁሉ ግሱም መልሶ ዐውዱን ያብራራል ማለት ነው።

አሁን ስለ አቀማመጥ ትንሽ እንቆይ፤ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ቴክ ኦፍ ተሳቢ ሲኖረው ሊከፈል ይችላል። ጫማውን ማለትም «ሹዝ»ን ከመጨረሻ አድርገን ቴክ ኦፍ ዘ ሹዝ፣ ወይም መሐል አስገብተን ቴክ ዘ ሹዝ ኦፍ ማለት እንችላለን። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለንም፤ መሐል መግባት አለበት። ቴክ ኢት ኦፍ ትክክል ነው፤ ቴክ ኦፍ ኢት ስሕተት ነው። የዕረፍት ቀንም እንዲሁ መሐል መግባትን ይመርጣል፦ ቴክ ቱሞሮው ኦፍ ሲባል ነገን ማረፍ ነው። ቱሞሮው መጨረሻ ላይ ከሄደና ቴክ ኦፍ ቱሞሮው ከተባለ ግን «ነገ ተነሥተህ ሂድ» ወደሚለው ሊወስድ ይችላል፤ ነገ የሚለው ቃል የሚታረፍበት ቀን መሆኑ ቀርቶ የጉዞው ጊዜ ሊሆን ይችላልና። ፑት አፕ ዊዝ ግን አይከፈልም። ሦስቱ ቃላት ተያይዘው ይሄዳሉ፤ የሚታገሡት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዊዝ በኋላ ይመጣል፤ መሐላቸው ግን አይገባም።

መከፈሉ ለአንባቢ ምን ችግር ያመጣል? ቴክ የሚለውን ዓይናችን ገና እንዳየ «ወሰደ» ብሎ ይፈርዳል። ከዚያ «ያንን በጭቃ የተበላሸውን የድሮ ካፖርትህን» የሚል ረጅም ተሳቢ ይመጣል፤ ኦፍ የምትለዋ ቃል ደግሞ ከመጨረሻው ላይ ብቅ ትላለች። እስከዚያ ድረስ ካፖርቱን «ውሰድ» ብለን ተርጉመን ጨርሰናል፤ ጸሐፊው ያለው ግን «አውልቅ» ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እንደ ቴክ፣ ፑት፣ ጌት፣ ብሪንግና ተርን ያሉ ተራ ግሶች ሲመጡ የተሳቢውን መጨረሻ ሳያዩ አለመፍረድ ነው። ብቻዋን የቀረች አጭር ቃል ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከተገኘች ወደ ግሱ መልሷት።

በጆሮ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃላቱን አንድ በአንድ ነጥሎ አይናገርም። ቴክ ኦፍ «ቴኮፍ» ሆኖ ይሰማል፤ ፑት አፕ ዊዝ «ፑታፕዊዝ»፤ በአሜሪካኖች አፍ ደግሞ ት ለስልሳ ወደ ር የቀረበች ድምፅ ስለምትሆን «ፑራፕዊዝ» የሚመስል ነገር ይሰማል። መጻሕፍት ላይ ቃሉን አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ በንግግር ውስጥ የማያውቀው አዲስ ቃል የመጣ ይመስለዋል። የሚረዳው ምልክት ጫናው ነው። በሐረጋዊ ግስ ውስጥ ዋናው ጫና አብዛኛውን ጊዜ በተከታይዋ ቃል ላይ ያርፋል፤ ኦፍ እና አፕ ጎላ ብለው ይሰማሉ። ስም ሲሆን ይገለበጣል፤ የአውሮፕላን መነሣት ተብሎ እንደ ስም ሲነገር ጫናው ቴክ ላይ ነው። ሌላም የሚታወስ ነገር አለ። ቴክ ሲያልፍ ቱክ ይሆናል፤ ፑት ግን ባለፈም ጊዜ ፑት ነው። ስለዚህ ድርጊቱ ትናንት ይሁን ዛሬ የሚታወቀው ከግሱ ሳይሆን ከሌሎቹ ቃላት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ግምታችን ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ሌላ ግስ ይዘን እንፈትን። ፑት ኦፍ ስብሰባን፣ ሠርግን፣ ፈተናን የመሰለ ተሳቢ ሲኖረው ማስተላለፍ፣ ለሌላ ቀን መቅጠር ነው። ተሳቢው ሰው ሲሆን ግን ማስጠላት፣ ፍላጎት ማጥፋት ወይም ሐሳብ መበተን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ሽታው እንግዶቹን ፑት ኦፍ አደረጋቸው» የሚል አገኘን እንበል። የመጀመሪያውን ትርጉም የያዘ ተማሪ «ሽታው እንግዶቹን ለሌላ ቀን አስተላለፋቸው» ብሎ ይተረጉማል። ይህ ትርጉም ሊቆም እንደማይችል ሁለት ነገር ያሳየዋል። አንደኛ፣ ሽታ ቀጠሮ አይለውጥም። ሁለተኛ፣ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር «ምግቡን ሳይነኩት ተነሡ» የሚል ከሆነ ከማስተላለፍ ጋር አይገጥምም፤ ከማስጠላት ጋር ግን ልክ ይገጥማል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ የገመታችሁትን ትርጉም በግሱ ቦታ ተኩታችሁ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ አንብቡ፤ ከዚያም ቀጣዩን ጨምሩ። «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉ አያያዦች በተለይ ታማኝ ምስክሮች ናቸው። «ለብዙ ዓመት ፑት አፕ ዊዝ አደረገችው፤ በመጨረሻ ግን ጥላው ወጣች» በሚለው ውስጥ «ግን» የሚለው ቃል ፊተኛው ከመውጣት ተቃራኒ የሆነ ነገር፣ ማለትም ችሎ መቀመጥ መሆኑን ይነግረናል።

ዐውድ የማይበቃበት ቦታም አለ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በእንግሊዞች ዘንድ አንድን ሰው ቴክ ኦፍ ማድረግ አነጋገሩንና አካሄዱን እያስመሰሉ ማሳቅ ማለትም ይሆናል። ልጁ መምህሩን ቴክ ኦፍ አደረገና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ የሚል ካነበብን ሳቁ ይረዳናል። ሳቁ ባይጠቀስ ግን ከመለየትም ከማውለቅም ተነሥተን ወደ ማስመሰል መድረስ ይከብደናል። ፑት አፕ ላይም ከዊዝ ይልቅ ቱ ቢመጣና «ወንድሙን ለዚህ ፑት አፕ ቱ ያደረገው እሱ ነው» ቢባል፣ ሰውን ለመጥፎ ሥራ መገፋፋት፣ ማነሣሣት ነው። የመታገሥ ነገር የለበትም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቀን የቀረውን ከመዝገበ ቃላት እንፈልግ።

መዝገበ ቃላቱን ስትከፍቱ ግን ኦፍን ወይም አፕን አትፈልጉ። በተማሪዎች መዝገበ ቃላት ውስጥ ሐረጋዊ ግሶች የሚገኙት በዋናው ግስ ሥር ነው፤ ቴክ ኦፍን ቴክ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛዎቹ ትርጉሞች በኋላ ታገኙታላችሁ። እዚያ «ሰው» ወይም «ነገር» የሚሉትን ቃላት በአሕጽሮት አስገብተዋል። የገቡበት ቦታ ብዙ ይናገራል። መሐል ላይ ካሉ ግሱ ይከፈላል፤ እንደ ፑት አፕ ዊዝ ከመጨረሻ ካሉ አይከፈልም፤ ከነጭራሹ ከሌሉ ግሱ ተሳቢ የለውም። ከትርጉሞቹ ውስጥ የምትመርጡትም በዚሁ ነው። ያነበባችሁት ዐረፍተ ነገር ተሳቢ ከሌለው ተሳቢ ያላቸውን ትርጉሞች በሙሉ በአንድ ጊዜ ታልፏቸዋላችሁ።

የምትይዙት ማስታወሻም በዚሁ መልክ ቢሆን እመክራለሁ። «ቴክ ኦፍ» ብላችሁ ከፊቱ ስድስት የአማርኛ ትርጉም አትደርድሩ። ለእያንዳንዱ ትርጉም ያገኛችሁበትን ዐረፍተ ነገር ከነባለቤቱና ከነተሳቢው ጻፉ፦ አውሮፕላን የሚነሣበትን፣ ጫማ የሚወልቅበትን፣ ቀን የሚታረፍበትን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ግስ በሌላ ቦታ ስታገኙት አዲሱን ዐረፍተ ነገር የሚመስለው ቀድሞ ከተጻፈው ሥር አስገቡት። የማይመስለው ካለ ለብቻው ክፍት ቦታ ስጡት፤ ገና ያልተማራችሁት ትርጉም እሱ ነውና።

 ጥያቄ ያላችሁ ግሱን ለብቻው ሳይሆን ካገኛችሁበት ዐረፍተ ነገር ጋር አቅርቡልኝ፤ አብረን እንመልሰዋለን።